በእጅ የተጻፈው ቁጥር

እኔ ቂም ስይዝ አልጮህም፤ በር አላላትምም፤ ሰላምታም አልነሳም። እንዲያውም ትሕትናዬ ይጨምራል። ቶተንሃም ውስጥ አንዱን ክፍላቸውን ያከራዩኝ እትዬ ይህን ጠባዬን ገና በሁለተኛው ወር ደረሱበት። «አንቺ ስትናደጂ ሰሃን ታጥቢያለሽ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ በእሳቸው ቤት ያልታጠበ ሰሃን አልነበረም።

ያናደደኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። በቢሮው ውስጥ ሐበሾቹ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ከእኔ አሥር ዓመት ቀድሞ ለንደን የገባ፣ ለሥራው ኢንተርቪው ሲያዘጋጀኝ ሁለት ቅዳሜውን የሠዋልኝ፣ «እህቴ» እያለ የሚጠራኝ ሰው። ይህን የምጽፈው ውለታውን ስለማልክድ ነው። ውለታው ባይኖር ኖሮ ያን ያህል ባልተቃጠልኩም ነበር።

ሾርዲች ያለው ድርጅታችን የሚሠራው የስልክ አፕ ነው። አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚንከባከቡ ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። አረጋዊው ቤት ሲገቡ «ደርሻለሁ» የሚለውን ይጫናሉ፤ ሲወጡ «ጨርሻለሁ» ይላሉ። ያልተጫነ ጉብኝት እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እትዬም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናቸው። በስልሳ ዓመታቸው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ በየማለዳው በቪክቶሪያ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር እስከ መጨረሻው ወርደው፣ ከዚያ በአውቶቡስ ስትሪትሃም ድረስ ይሄዳሉ። አፑን «ያንቺ ነገር» ነው የሚሉት። «ያንቺ ነገር ዛሬም አላሳፈረኝም» ይሉኛል ማታ ሲገቡ፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ያንን አፕ ከውስጡ ያየው ሰው ግን ደስ አይለውም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተጠቅጥቆበት ነበር፤ ጉብኝቱ፣ መልእክቱ፣ የሥራ ፕሮግራሙ፣ የሠራተኛው መግለጫ። አንዱ ውስጥ አንድ መስመር ስትነካ ጠቅላላው እንደ አዲስ ይገነባል። የአንድ ቁልፍ ቀለም ቀይረን ኮምፒውተሩ እስኪጨርስ ኩሽና ሄደን ሻይ ጠጥተን እንመለስ ነበር። በዚያ ላይ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ፣ ላይብረሪ የምንለውን፣ ያመጣ ሁሉ የቨርዥኑን፣ ማለትም የዕትሙን፣ ቁጥር ያሻው ቦታ ላይ ይጽፈዋል። የትኛው ቁጥር እውነተኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

አለቃችን እንግሊዛዊት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ብዙ የማትናገር። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስባ፣ ይህን አፕ በየሥራው ከፋፍሎ መስመር ያስያዘው ሰው የቡድኑ መሪ እንደሚሆን ነገረችን። መሪ የነበረው ለቆ ወንበሩ ባዶ ነበር። እጄን አወጣሁ። ማንም አልተሻማኝም፤ አሰልቺ ሥራ ነዋ።

ከመስከረም እስከ መጋቢት ሠራሁት። ጉብኝቱን ለብቻው አንድ ሞጁል፣ ራሱን የቻለ ክፍል፣ አደረግኩ፤ ፕሮግራሙን ለብቻው፤ መግለጫውን ለብቻው። ሁሉም የሚጋሩትን ነገር ከሥር ባለ አንድ የጋራ ሞጁል ውስጥ አኖርኩ፤ እርስ በርሳቸው ግን እንዳይነካኩ ከለከልኩ። ከዚያ ቨርዥን ካታሎግ የሚባለውን አዘጋጀሁ። አንድ ፋይል ነው፤ የላይብረሪዎቹ ስምና ቁጥር በሙሉ እዚያ ይሰፍራል። ሞጁሎቹ ስሙን ብቻ ይጠራሉ፤ ቁጥሩን ከካታሎጉ ያገኛሉ። ቁጥር መቀየር የፈለገ አንድ ቦታ ይቀይራል። ሻይ እየጠጡ መጠበቅ ቀረ፤ የተነካው ሞጁልና በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ብቻ ናቸው የሚገነቡት። የቀረኝ የመልእክቱ ክፍል ብቻ ነበር።

ለፋሲካና ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ሦስት ሳምንት። ከመሄዴ በፊት ወንድሜ ለምለው ለዚያ ሰው «እስክመለስ አንዴ እይልኝ» ብዬ ሥራዬን አሳየሁት።

አየልኝ። በደንብ አድርጎ አየልኝ። ስመለስ ሰው ሁሉ እሱን እንኳን ደስ አለህ ይለዋል። የሰባት ወር ሥራዬን፣ በየቀኑ ደረጃ በደረጃ የመዘገብኩትን፣ ወደ ራሱ ብራንች፣ ለብቻው ወደሚሠራበት የኮዱ ቅጂ፣ ገልብጦ፣ የጎደለውን የመልእክት ሞጁል በሁለት ቀን ጨምሮ፣ በአንድ ኮሚት፣ እንደ አንድ ለውጥ፣ ጨፍልቆ በራሱ ስም አስገብቶታል። የኮዱ የለውጥ ታሪክ ላይ ስሜን ፈለግኩት። የለም። ወንበሩም ለጊዜው ተብሎ ለእሱ ተሰጥቷል፤ በመኸር ይጸድቅለታል።

ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ሥራዬን ወሰድከው» አልኩት።

«እህቴ፣ ቡድን እኮ ነን» አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «አፑ የሚወጣበት የሪሊዙ ቀን ሊያልፈን ነበር፤ አንቺ ደግሞ ሠርግ ላይ ነሽ። ምን ላድርግ?»

«ስሜስ?»

«ስምሽ የት ይሄዳል?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወረደ።

ደሜ ፈላ። ለአለቃችን ሄጄ መናገር እችል ነበር፤ የድሮው ብራንቼም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። አልተናገርኩም። ሁለት ሐበሾች በአንድ ሥራ ተናከሱ መባሉን ፈራሁ፤ እሱም እንደምፈራ ያውቃል፤ በዚህ ነው የተማመነው። ሆድ ይፍጀው አልኩና ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመርኩ። ይህን ሰው ልክ ሳላስገባው መኸር አይገባም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ብዙ አልፈለግኩም። የገለበጠውን ኮድ መስመር በመስመር ሳነብ፣ ራሱ በጨመረው የመልእክት ሞጁል ውስጥ አገኘሁት። ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣ መረጃውን ይዞ የሚያቆይልን አንዲት ትንሽ ላይብረሪ አለች። ሌሎቹ ሞጁሎች በሙሉ ከካታሎጉ ነው የሚጠሯት። እሱ ግን እንደ ድሮው ቁጥሯን በእጁ ጽፎ አስቀምጧል። ቁጥሩ ያኔ ከካታሎጉ ጋር እኩል ስለነበር ምንም የሚታይ ጉዳት የለውም።

ካታሎግ ግን ቁጥር ያሳውቃል እንጂ አያስገድድም። ሞጁሎቹ ተሰባስበው አንድ አፕ ሲሆኑ የአንዲት ላይብረሪ ሁለት ቁጥር ከተገኘ፣ አፑን የሚገነባው መሣሪያ ትልቁን መርጦ ለሁሉም ያለብሳቸዋል። አንድ ሰው የመልእክቱን ቁጥር ከፍ ቢያደርግ፣ በታናሹ ቁጥር የተዘጋጀው የጉብኝት ሞጁል ሳያስበው ትልቁን ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉ በኮዱ የአስተያየት መስጫ ላይ በጨዋ ቋንቋ ጻፍኩለት። «በኋላ ይታያል» ብሎ መልሶ አስተያየቴን ዘጋው። ያንን ስክሪን ፎቶ አንስቼ አስቀመጥኩ። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

በሳምንቱ ለድርጅቱ ሁሉ ገለጻ አደረገ። እኔ የሣልኩትን የሞጁሎቹን ሥዕል በትልቁ ስክሪን አውጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የሚወስነው አንድ ፋይል ነው፤ ማንም ሞጁል ከዚህ ውጪ ሌላ ቨርዥን ሊጠቀም አይችልም» አለ። ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑን በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩትም እኔ ነኝ።

ቀኑ የመጣው በሰኔ ነው። መልእክቱ ላይ የሚሠራ አንድ የኮንትራት ሠራተኛ ያችን በእጅ የተጻፈች ቁጥር ወደ አዲሱ ትልቅ ቨርዥን ከፍ አደረገ። የአንድ መስመር ለውጥ ነች። የዚያን ሳምንት የሌሎችን ሥራ አይቶ የማጽደቅ ተራ የእኔ ነበር። ላይብረሪዋን የሠሯት ሰዎች የጻፉትን ማስታወሻ ከፍቼ አነበብኩ፤ አንድ የቆየ ትእዛዝ ከአዲሱ ቨርዥን ተሰርዟል ይላል። ያንን ትእዛዝ የጉብኝቱ ሞጁል ውስጥ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ኔትወርክ በሌለበት «ደርሻለሁ» ሲጫን የሚጠራው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያካሂዳቸው ፈተናዎች ሁሉ አረንጓዴ በርተዋል። ይበራሉ እንጂ፤ እያንዳንዱ ሞጁል ለብቻው የሚፈተነው በራሱ ቁጥር ነው። የሚሰበረው ሁሉም አንድ ላይ ሲገጠም ነው።

አፕሩቭ አደረግኩት።

ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ነበር፤ አፑ ከመውጣቱ በፊት ሐሙስ ዕለት የሚሞክሩት ፈታሾች ያገኙታል፣ በሰው ሁሉ ፊት አፑ ይዘጋል፣ አስተያየቴን አወጣለሁ፣ እሱም ያፍራል። ማንም አይጎዳም። ግን ፈታሾቻችን የሚሠሩት ዋይፋይ በሞላበት ቢሮ ውስጥ እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄ አላሰብኩትም። ሐሙስ በሰላም አለፈ፤ ዓርብም አለፈ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰኞ አፑ ወጣ።

ማክሰኞ ማታ ቤት ስገባ እትዬ የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል። እሳቸው ቤት ቴሌቪዥን ተዘግቶ አይቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን ስልክ ቼክ አድርጊልኝ» አሉኝ። «ያበላሸሁት መሰለኝ።»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ስትሪትሃም ያሉት አባት ጋ፣ ያ ከመሬት በታች ያለው ቤዝመንቱ ጋ፣ ኔትወርክ የለም። ድሮም የለም፤ ያንቺ ነገር ግን ይዞ ያቆይልኝ ነበር። ዛሬ ደርሻለሁ ስለው ጥፍት አለ። ደግሜ ከፈትኩት፣ ጥፍት። ሦስት ጊዜ። እሳቸው ቁርስ ይጠብቃሉ፣ መድኃኒት ይጠብቃሉ፤ ትቼው ሥራዬን ሠራሁ። ለካ ለሴት ልጃቸው ‹ተንከባካቢዋ አልመጣችም› የሚል መልእክት ሄዶባታል። የመሥሪያ ቤቴ ቢሮ ደወለልኝ። ነበርኩ ብላቸው ሲስተሙ አይልም አሉኝ።»

«አባትየውስ አልተናገሩም?»

«እሳቸውማ የራሳቸውን ስም ረስተዋል እኮ። ‹ሴትዮዋ መጥታ ነበር?› ሲሏቸው ‹የቷ ሴትዮ?› አሉ አሉ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ሰስፔንድ አድርገውኛል። እስኪጣራ ቤት ቁጭ በይ ነው የሚሉት። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። ውሸታም አሉኝ ልጄ።»

ስልኩን ተቀብያቸው አየሁት። ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ጀርባዬን ሰጠኋቸው። «ስልክዎ ምንም አልሆነም» አልኳቸው።

በነጋታው ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ በእጅ የተጻፈውን ቁጥር አጥፍቼ በምትኩ የካታሎጉን ስም ጻፍኩ። ሻይ ለመቅዳት እንኳን ጊዜ አልወሰደም። ከዚያም በየትኛውም ሞጁል ውስጥ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ከተገኘ ግንባታውን የሚያስቆም ትንሽ መቆጣጠሪያ አከልኩ። በመጋቢት ላደርገው ያሰብኩት ነገር ነበር።

ቀጥሎ የእትዬን ነገር ያዝኩ። አፑ ጉብኝቱን ሳይመዘግብ ስለተዘጋ የሚመለስ መረጃ የለም። ነገር ግን አፑ በተዘጋ ቁጥር የመዘጋቱን ሪፖርት ይይዝና በኋላ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ፈለግኩት። ሦስት ሪፖርት፣ በእሳቸው መለያ፣ በጉብኝቱ ሰዓት፣ ሦስቱም «ደርሻለሁ» ሲጫን። የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ በከተማው ቤዝመንት ውስጥ የሚሠሩ የሌሎች ሰዎችም ተደርድሯል። የእነሱን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ሪፖርቱን በሙሉ ለአለቃችን ላክሁና አፑን ለሚጠቀሙት የእንክብካቤ ድርጅቶች እንድትጽፍ ለመንኳት። በዚያው ቀን ጻፈች።

ዓርብ ስብሰባ ተጠራ። እንግሊዞቹ ማንም የማይወቀስበት ስብሰባ ይሉታል፤ ግን ሁሉም የሚወቀሰውን ሰው ለማየት ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ሲፈለግ ማስታወሻ ስይዝ ቆየሁ። «ቁጥሩ በካታሎጉ ውስጥ ነበር እኮ፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?» አለ እሱ። ያኔ አስተያየቴን በስክሪኑ ላይ አወጣሁት። ቀኑ ይታያል። የዘጋው ሰው ስም ይታያል። «በኋላ ይታያል» የሚለው ይታያል። አንዱ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ይህን የከፋፈለው እሱ ከሆነ አንቺ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ? የድሮ ብራንቼን ከፈትኩላቸው። የሰባት ወር ሥራ፣ ቀን በቀን፣ በስሜ።

ፊቱ ሲቀላ አየሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን አልደብቅም፤ ያን ደቂቃ እትዬንም፣ ቤዝመንቱንም፣ ሁሉንም ረስቼ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወንበሩ ለእኔ ተሰጠ። እሱ ወደ ሌላ ቡድን ሊዛወር ዕቃውን በካርቶን ሲሰበስብ ኩሽናው ውስጥ ተገናኘን። በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነጋገረኝ።

«ያችን የሰኔዋን ለውጥ አፕሩቭ ያደረግሻት አንቺ ነሽ። አይቼዋለሁ።»

«ለምን ታዲያ አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? እኔ ሌባ ነኝ እሷ ደግሞ አውቃ ነው ልበል?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «እኔ ስምሽን ነው የወሰድኩብሽ፣ እህቴ። እዚያ ታች ያሉት ሰዎች ምን አድርገውሽ ነው?»

ኩባያዬን ይዤ ወደ አዲሱ ወንበሬ ሄድኩ።

እትዬ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። አሠሪያቸው ይቅርታ የጠየቀበትን ደብዳቤ ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል። በዚያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አብረን ምሳ በላን። ለሰው ሁሉ ስለ እኔ ሲያወሩ ነበር ያረፈዱት።

«ልጄ ናት ያወጣችኝ አልኳቸው። ኮምፒውተር ውስጥ ገብታ፣ ሦስቱን ጊዜ አንድ በአንድ አግኝታ።» እጄን ያዙኝ። «ግን ምን ነበር የሆነው? ማን ነው ያበላሸው?»

«አንድ ቁጥር ነው እትዬ። አንድ ሰው በእጁ ጽፎ የተወው ቁጥር።»

«ሳያውቅ ነው?»

«የጻፈውስ ሳያውቅ ነው» አልኩ። «አይተው ያሳለፉት ግን… አውቀው ነው መሰለኝ።»

እጄን ለቀቁኝና ወደ ላይ አዩ። «አውቆ ያደረገውን እግዜር ይይለት። እኔን ውሸታም ያስባለኝን፣ እግዜር ይይለት።» እኔ እንጀራዬን ቆረስኩ። «አሜን በይ እንጂ!»

«አሜን» አልኩ።

ከዚያ ተነሣሁና ሰሃኖቹን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ። ምሳው ገና አላለቀም ነበር። እትዬ ከኋላዬ ሳቁብኝ።

«ደግሞ ዛሬ ማን አናደደሽ?»